ሃያ ሁለት ሰዎች፦ ለአጭር ፊልም ገንዘብ ሲሰበሰብ የጥሪ ቪዲዮውና የስጦታ እርከኖቹ

በ2012 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሾን ፋይንና አንድሪያ ኒክስ ፋይን የተባሉ ባልና ሚስት ኪክስታርተር ላይ ለአጭር ዘጋቢ ፊልማቸው ገንዘብ ጠየቁ። «ኢኖሴንቴ» ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ዲዬጎ ከተማ ቤት አጥታ የምትኖር የ15 ዓመት ሠዓሊ ልጅ ታሪክ ነው፤ ርዝመቱ 40 ደቂቃ ያህል ነው። 294 ሰዎች 52,527 ዶላር አዋጡ። በተከታዩ ዓመት ፊልሙ በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወሰደ፤ በኪክስታርተር መዋጮ ታግዞ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ፊልምም ሆነ።

በ2013 መጨረሻ ደግሞ ዴቪድ ሳንድበርግ የተባለ ስዊድናዊ «ከንግ ፊዩሪ» ለተባለ አጭር የድርጊት ፊልም 200,000 ዶላር ጠየቀ። 17,713 ሰዎች 630,019 ዶላር ሰጡት። ፊልሙ በ2015 በካን ከተማ በዳይሬክተሮች ሁለት ሳምንት ታየ፤ ዩቲዩብ ላይም በነጻ ተለቀቀ።

ሁለቱም ተሳክቶላቸዋል። ነገር ግን የተሰበሰበውን ለሰዎቹ ቁጥር ብናካፍለው በ«ኢኖሴንቴ» ለአንድ ሰው 179 ዶላር ገደማ ይደርሳል፣ በ«ከንግ ፊዩሪ» 36 ዶላር ገደማ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ሰዎች ጠለቅ አድርገው ኪሳቸው የገቡበት መዋጮ ነው። ሁለተኛው ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች ተጎታች ማስታወቂያውን አይተው ተደስተው ትንሽ ትንሽ የሰጡበት ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ግን የአንዱ ቪዲዮና የአንዱ እርከን ለሌላው አይሠራም። ብዙ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ዘመቻቸው የሚከሽፈው የእነሱ ሰዎች እንደ «ኢኖሴንቴ» ሆነው ሳለ ዘመቻውን እንደ «ከንግ ፊዩሪ» ስለሚያዘጋጁት ነው። ቪዲዮው በዓለም ዙሪያ ይዛመታል ብለው ያስባሉ፤ የሚመጣው ግን የአክስት ልጅ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነው። እነዚህ ሰዎች 25 ዶላር ብቻ ከተጠየቁ 25 ዶላር ብቻ ይሰጣሉ።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር 12 ደቂቃ የሚሆን «ቲኬት» የተባለ ፊልም ልትሠራ ተነሣች እንበል። ታሪኩ በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስለሚሠራ አባት ነው። ፊልሙን ጨርሶ ለፌስቲቫል ለማድረስ በእጅ ላይ 12,500 ዶላር ያስፈልጋል። ታዲያ ዘመቻው ላይ ስንት ይጻፍ?

12,500 ብላ ከጻፈች ገና ስትጀምር ጎድሎባታል። ኪክስታርተር ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል፤ ለካርድ ክፍያው ደግሞ 3 በመቶና ከእያንዳንዱ ሰጪ 20 ሳንቲም ይሄዳል። ስለዚህ 15,000 ትጠይቅ። 150 ሰዎች ቢያዋጡላት 1,230 ዶላር በክፍያ ይቀነሳል። ዘመቻው አልቆ ካርዶቹ ሲመቱ የማያልፉም ይኖራሉ፤ ሰዎቹ እንዲያስተካክሉ ሰባት ቀን ይሰጣቸዋል፣ ቢሆንም 300 ዶላር ያህል ቀልጦ ይቀራል ብሎ መያዝ ጤናማ ግምት ነው። ለስጦታዎቹ 700 ዶላር ትያዝ። የሚተርፋት 12,770 ነው። ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል። ኪክስታርተር ላይ ግቡ ካልሞላ አንድም ሳንቲም ስለማይሰጥ ደግሞ ቁጥሩን በምኞት ከፍ ማድረግ አይቻልም።

አሁን 15,000 ዶላር ከ150 ሰው እንዴት እንደሚመጣ እንይ። 10 ዶላር የሚሰጡ 20 ሰዎች፣ 25 የሚሰጡ 50፣ 50 የሚሰጡ 30፣ 100 የሚሰጡ 28፣ 250 የሚሰጡ 13፣ 500 የሚሰጡ 6፣ 1,000 የሚሰጡ 3 ቢሆኑ ልክ 15,000 ይሞላል። ይህን ሰሌዳ በወረቀት ላይ ለጻፈ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል። ከታች ያሉት 70 ሰዎች አንድ ላይ የሚያመጡት 1,450 ዶላር ነው፤ ከግቡ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከላይ ያሉት 22 ሰዎች ግን 9,250 ዶላር ያመጣሉ። ዘመቻው የቆመው በእነዚህ ሃያ ሁለት ሰዎች ላይ ነው።

ስለዚህ ዳይሬክተሯ ገጹን ከመክፈቷ በፊት የሃያ ሁለቱን ስም መጻፍ መቻል አለባት። ስልክ ቁጥራቸውን ጭምር። ጽፋ ጽፋ ዘጠኝ ላይ ከቆመች፣ ግቡን ዝቅ ማድረግ ወይም ቀረጻውን ከሦስት ሌሊት ወደ ሁለት ማሳጠር ያለባት ያኔ እንጂ ዘመቻው በሃያኛው ቀን ላይ አይደለም። ለሃያ ሁለቱም በቫይበርና በቴሌግራም ለሁሉ የሚበተን መልእክት አይበቃም፤ ይደወልላቸዋል፣ ወይም ቡና ላይ ተቀምጠው ይነገራቸዋል። የለመድነው የመዋጮ ሥርዓትም እንዲህ ነው፦ ሰርግም ሆነ ሌላ ጉዳይ ቢመጣ መጀመሪያ ከዘመድና ከቅርብ ወዳጅ ጋር ይመከራል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይዞራል።

በእርከኖቹ ላይ ምን ይቀመጥ? ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ቲሸርት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ50 ዶላር ሰጪ ቲሸርት ይላክለት እንበል። ከ50ው 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም በክፍያ ይሄዳል። ማሳተሚያው 12 ዶላር፣ አሜሪካ ውስጥ ፖስታው ከነማሸጊያው 7 ዶላር ቢሆን ለፊልሙ 26 ዶላር ከ80 ይቀራል። ሰጪው ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ያለ ወዳጅ ከሆነና ፖስታው 20 ዶላር ከወሰደ የሚቀረው 13 ዶላር ከ80 ነው። በሌላ በኩል የ25 ዶላር ሰጪ የፊልሙን ማያ ሊንክ ብቻ ቢቀበል ከእሱ ለፊልሙ የሚደርሰው 22 ዶላር ከ80 ነው። እንግዲህ ከአውሮፓ 50 ዶላር የሰጠው ሰው ፊልሙን የረዳው 25 ከሰጠው ያነሰ ሆነ ማለት ነው። እሱ ግን ይህን አያውቅም፤ እጥፍ የረዳ መስሎታል።

ቲሸርት ሌላም መዘዝ አለው። አንድ ጊዜ ባገዝኩት ዘመቻ ላይ ትንሹ መጠን ተርፎ ትልቁ አለቀ። ሳሎን መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ፖስታ ስናሽግ ሁለት ቅዳሜ ሄደ፤ ሁለቱም ቅዳሜዎች ለኤዲቲንግ የተያዙ ነበሩ። አድራሻ የቀየሩ ሰዎች ፖስታ ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከቲሸርቱ ገንዘብ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የኤዲቲንጉ ጊዜ ነው።

ጥሩ ስጦታ ከፊልሙ ሆድ ይወጣል፣ ቀጭን ነው፣ በደብዳቤ ፖስታ ይገባል። በምሳሌያችን ፊልም አባትየው አዲስ አበባ እያለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ በመኪና ማቆሚያ ትኬቶች ጀርባ ላይ ካርታ ይሥላል። እንግዲያው የ50 ዶላሩ ስጦታ እዚያው ተገኘ፦ በፊልሙ ላይ የሚታየው ዓይነት ትኬት፣ በጀርባው የጣና ወይም የአባይ ሸለቆ ካርታ በእጅ ተሥሎበት። ወጪው ወረቀትና ቴምብር ነው። የተቀበለው ሰው ደግሞ ፊልሙን ሲያይ ያን ትኬት ያውቀዋል። 100 ዶላር የሰጠ ስሙ በፊልሙ መጨረሻ ይወጣል፤ 250 የሰጠ ለመጀመሪያው ዕይታ ሁለት መግቢያ ይሰጠዋል፤ 500 የሰጠ አንድ ሌሊት ቀረጻው ላይ ይገኛል። ለዚህኛው ቦታ ገደብ ያስፈልጋል፤ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ሌሊት ከሁለት እንግዳ በላይ መቀበል የድምፅ ባለሙያውን ማሰቃየት ነው። ሦስት ሌሊት፣ ስድስት እንግዳ፣ ስድስት ሰጪ።

1,000 ዶላር ለሚሰጡት ሦስት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የተባባሪ ፕሮዲውሰርነት ስም ነው። አልቃወመውም፣ ግን በቁጥር ይወሰን። ሃያ ተባባሪ ፕሮዲውሰር ያለው የ12 ደቂቃ ፊልም የስም ዝርዝሩ ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያለ ደሞዝ ሌሊት ቆማ ፈቃድና ቦታ ያመቻቸችው እውነተኛዋ ፕሮዲውሰርም ስሟ በመሐላቸው ይጠፋል። ከመጀመሩ በፊት እሷን ማማከር ተገቢ ነው።

በእኛ ዘንድ የተለመዱ ሦስት ስጦታዎች ኪክስታርተር ላይ ክልክል መሆናቸውንም ልብ ማለት ይጠቅማል። ቶምቦላና ዕጣ አይፈቀድም። ጠጅም ሆነ ሌላ የአልኮል መጠጥ ስጦታ ሊሆን አይችልም። ከፊልሙ ትርፍ ድርሻ እሰጣለሁ ማለትም አይቻልም። ዘመቻውን የሚከፍተው ሰው ደግሞ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ነዋሪ መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ያለ ዳይሬክተር ይህን መንገድ የሚጠቀመው ውጭ ካለ ባልደረባ ጋር ሆኖ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው በዚያ ሰው ስም ነው፣ የግብሩ ጥያቄም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ይህን በወረቀት ሳይስማሙ መጀመር ወዳጅነትን ያበላሻል።

ወደ ቪዲዮው እንምጣ። ዳይሬክተሯ አሁን ሰዎቿን አውቃለች፣ ምን እንደምትሰጣቸውም አውቃለች። ስክሪፕቱ ከዚህ በኋላ ነው የሚጻፈው። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ይበቃል።

ያየኋቸው አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ቪዲዮዎች የሚጀምሩት በሰላምታ ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራንና ክቡራት፣ በመላው ዓለም የምትገኙ…» እየተባለ ሃያ ሰከንድ ያልፋል። ከዚያ ዳይሬክተሩ የት እንደተማረ ይነገራል። ከዚያ ስለ ጥበብ አስፈላጊነት። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ሳይነገር አንድ ደቂቃ ይሞላል። ሰላምታው ከጨዋነት የመጣ ነው፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ ግድ ነው። በስልክ መስታወት ላይ ግን ተመልካቹ አውራ ጣቱን እንደያዘ ነው። ሳንድበርግ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነበር፦ 5,000 ዶላር ያህል ከኪሱ አውጥቶ ከፊልሙ ትዕይንቶችን አስቀድሞ ቀረጸ። አንድ የፖሊስ ዩኒፎርም ብቻ ስለነበረው የፖሊስ ጣቢያውን ትዕይንት ሰዎቹን አንድ በአንድ እያለበሰ ቀርጾ በኮምፒውተር አገጣጠማቸው። ያየው ሰው ይህ ልጅ ፊልሙን መሥራት እንደሚችል በቃል ሳይነገረው ገባው።

5,000 ዶላር የሌለው ሰውም አንድ ትዕይንት፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ፣ መቅረጽ ይችላል። የ«ቲኬት» ስክሪፕት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

(ሌሊት። የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ። የትኬት ሠራተኛው ጠባብ ክፍል መስታወት በእንፋሎት ደብዝዟል። አንድ እጅ በእጅጌው ይወለውለዋል። ከትንሽ ሬዲዮ ዝቅ ያለ የአማርኛ ዜና። እስክሪብቶ በትኬት ጀርባ ላይ የወንዝ መስመር ይሥላል።)

ዳይሬክተሯ፦ «አባቴ እንዲህ ባለች ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሠርቷል። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መኪና ሲጠፋ፣ የተማሪዎቹን ካርታ በትኬት ላይ ይሥል ነበር። ‹ቲኬት› አንድ ደንበኛ ያን ካርታ ኪሱ ውስጥ ስላገኘበት ሌሊት ነው።»

(ዋና ተዋናዩ ስክሪፕቱን ሲያነብ፤ የካሜራ ባለሙያዋ ጋራዡን ስትለካ።)

ዳይሬክተሯ፦ «ጋራዡን የሚሰጡን ለሦስት ሌሊት ነው፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ለጋራዡና ለኢንሹራንሱ፣ ለመብራትና ለካሜራ ኪራይ፣ ለአሥራ አንድ ሰው ምግብና ደሞዝ፣ ለድምፅና ለኤዲቲንግ 15,000 ዶላር ያስፈልገናል። በ30 ቀን ካልሞላ የማንም ካርድ አይነካም፣ ፊልሙም ዘንድሮ አይቀረጽም።»

(አንድ እጅ ካርታ የተሣለበትን ትኬት ፖስታ ውስጥ ይከታል።)

ዳይሬክተሯ፦ «50 ዶላር ለሰጣችሁን በእጅ የተሣለ ትኬት በፖስታ ይደርሳችኋል። 100 ለሰጣችሁን ስማችሁ ከአባቴ ስም ሥር ይወጣል። ዛሬ ስጡን፤ ከሰጣችሁ በኋላ እንዲህ ያለ አባት ላለው አንድ ሰው ላኩለት።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስምርበታለሁ። አንደኛው ገንዘቡ በቁጥር መጠራቱ ነው። ይሉኝታ ይዞን «የአቅማችሁን ያህል» ማለት ይቀናናል፤ ይህ ሲባል ግን ሰሚው ስንት መስጠት እንደሚገባ ስለማያውቅ ያንሳል ብሎ አፍሮ ይተወዋል። ቁጥር መጥራት ሰውን ከዚህ ጭንቀት ያወጣዋል። ለፊልም ብቻ የተቋቋመው የመዋጮ ድረ ገጽ ሲድ ኤንድ ስፓርክ ይህን ወደ አሠራር ለውጦታል፦ ፊልም ሠሪው የሚያስፈልጉትን ነገሮች በየዋጋቸው ይዘረዝራል፣ የካሜራ ኪራይ ይህን ያህል፣ የአንድ ቀን ምሳ ይህን ያህል፤ ሰጪው አንዱን ይከፍላል፣ ወይም ዕቃው ካለው ያውሳል። እዚያ ከግቡ 80 በመቶ ከሞላ ገንዘቡ ይሰጣል። ለትንሽ ፊልም እኔ ይህን አሠራር እመርጣለሁ፤ ምግብ ቤት ያለው ወዳጅ 300 ዶላር ከሚሰጥ የሦስት ሌሊት እራት ቢያቀርብ ይቀለዋል።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። ምስሉ ትንሽ ቢጨልም ሰው ይታገሣል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ተመልካቹን በአሥር ሰከንድ ያባርረዋል። የአንገትጌ ማይክሮፎን ተውሶ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል መቅረጽ ይበቃል። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍም ይግባበት፤ ብዙ ሰው ድምፁን ዘግቶ ያያል፣ ውጭ ያደጉት ልጆችም አማርኛውን በጽሑፍ ታግዘው ነው የሚከታተሉት።

ዘመቻው ከተከፈተ በኋላ ጉድለቱ የት እንዳለ የሚታይበት መንገድ አለ። ኪክስታርተር ለዘመቻው ባለቤት ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተከፈተና ስንት በመቶው እስከ መጨረሻ እንደታየ ያሳያል። ብዙ ሰው ከፍቶ ጥቂት ሰው ከጨረሰው ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው፤ የዚያኑ ሌሊት ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል። ሰው እስከ መጨረሻ አይቶ ካልሰጠ ቪዲዮውን መንካት ጉልበት ማባከን ነው፤ ወይ እርከኖቹ አልገቡትም፣ ወይም ያዩት ሰዎች ትክክለኛዎቹ አይደሉም። ቪዲዮውን ጭራሽ የሚከፍት ከሌለ ደግሞ ያልተደወለላቸው ሰዎች አሉ። መዋጮው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይጎርፋል፣ መሐሉ ይቀዘቅዛል፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጡት ይህን የማያውቁ ናቸው። ከሃያ ሁለቱ ሰዎች አምስቱ ለዚያ ሳምንት እንዲቆዩ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል።

የቀረው የማስረከቢያው ቀን ነው። እያንዳንዱ እርከን ሥር ስጦታው መቼ እንደሚደርስ ይጻፋል፤ ብዙ ፊልም ሠሪዎች ቃላቸውን የሚያጥፉት እዚህ ላይ ነው። ቻርሊ ካውፍማንና ዱክ ጆንሰን ለሚሠሩት «አኖማሊሳ» በ2012 አጭር ፊልም ነው ተብሎ 406,237 ዶላር ተሰበሰበ፤ ፊልሙ አድጎ ሙሉ ርዝመት ያዘና ለዕይታ የበቃው በ2015 ነው። ውጤቱ ለኦስካር የታጨ ፊልም ቢሆንም የሰጡት 5,770 ሰዎች ሦስት ዓመት ጠብቀዋል። «ቬሮኒካ ማርስ» የተባለው ትልቁ የ2013 ዘመቻ ደግሞ ፊልሙን በቀኑ አደረሰ፣ ነገር ግን የዲጂታል ቅጂው የሚገኘው ብዙዎች በማይፈልጉት አንድ አገልግሎት በኩል ስለነበር ቅሬታው በዛ፤ ፊልሙን ከሌላ ቦታ ለገዙ ሰዎች ገንዘብ መመለስ ግድ ሆነ።

ለአጭር ፊልም ዋናው አጣብቂኝ ፌስቲቫሉ ነው። ብዙ ፌስቲቫሎች በሕዝብ ፊት ያልታየ ፊልም ይመርጣሉ፤ የኦስካር ደንብም ብቁ ከመሆኑ በፊት ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ የተለቀቀን አጭር ፊልም አይቀበልም። 25 ዶላር ለሰጡት «ፊልሙ እንዳለቀ ሊንኩ ይላክላችኋል» ብላ የጻፈች ዳይሬክተር ወይ ቃሏን ታጥፋለች፣ ወይ ፊልሟ ዩቲዩብ ላይ ሾልኮ ታገኘዋለች። ስለዚህ የዚያ እርከን ቃል ከሁሉም በላይ ተጠንቅቆ ይጻፍ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ፊልሙ በፌስቲቫሎች ዞሮ ሲመለስ፣ ቀረጻው ካለቀ ከ18 ወር በኋላ፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ሊንክ በኢሜይል ይደርሳችኋል። እስከዚያ በየሁለት ወሩ ፊልሙ የት እንደደረሰ እንጽፍላችኋለን።»